አንድ ኮከብ ለማን?

እ.ኤ.አ. በ2008 የገና ሰሞን በአሜሪካ የዩታ ግዛት የሚኖር አንድ ሰው ለሚስቱ ስጦታ ብሎ ጥቂት ርካሽ ዕቃዎችን ክሊር ጊር ከሚባል የኢንተርኔት መደብር አዘዘ። ዕቃዎቹ ሳይመጡ ቀሩ። ሚስትየዋ ደውላ ሰው ማነጋገር ስላቃታት የገጠማትን ሸማቾች ቅሬታ በሚያሰፍሩበት አንድ ድረ ገጽ ላይ ጻፈች። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ገደማ ምንም አልተሰማም።

በ2012 ከኩባንያው ደብዳቤ መጣ። ጽሑፉ በ72 ሰዓት ውስጥ ካልጠፋ 3,500 ዶላር ክፈሉ ይላል። በሽያጭ ውሉ ውስጥ ደንበኛ ስለ ኩባንያው ክፉ እንዳይናገር የሚከለክል አንቀጽ አለ ነው ነገሩ። ባልና ሚስቱ አንከፍልም ሲሉ ኩባንያው ገንዘቡን እንዳልተከፈለ ዕዳ ቆጥሮ የሰውን የብድር ታሪክ ለሚመዘግቡ ድርጅቶች አሳወቀባቸው፤ ብድር ማግኘትም ቸገራቸው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ኩባንያው ቀርቦ ስላልተከራከረ በ2014 በሌለበት 306,750 ዶላር እንዲከፍል ተፈረደበት። በ2016 ደግሞ የአሜሪካ ኮንግረስ እንዲህ ያለ አፍ የሚያዘጋ የውል አንቀጽ ዋጋ እንዳይኖረው የሚያደርግ ሕግ አወጣ።

አንድ ያልደረሰ ዕቃ ይህን ያህል መዘዝ መምዘዙ ያስገርማል። ግን ዕቃ አዝዞ የጠበቀ ሰው ንዴቱን ያውቀዋል፤ መደብር ከፍቶ የሚሠራ ሰውም በስሙ ሥር የምትቀመጥ አንዲት ኮከብ እንዴት እንደምታንገበግብ ያውቃል። አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬ ልብሱም፣ ኬኩም፣ የቤት ዕቃውም በቴሌግራም ታዝዞ በሞተር ይመጣል። ቅሬታውም አብሮ ይመጣል። ብዙው ቅሬታ እውነት ሆኖ ሳለ ግን የተጻፈው የማይገባው ሰው ላይ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። አንድ ዕቃ ገዢው በር ላይ እስኪደርስ ቢያንስ በሦስት እጅ ያልፋል፦ በሠራው፣ በሸጠውና ባሸገው፣ ባደረሰው። ገዢው የሚያየው የመጨረሻውን ውጤት ብቻ ስለሆነ ሁሉንም በአንድ ቃል ያጠቃልለዋል። አማዞን ይህን ችግር ገና ድሮ ስለተረዳው ስለ ዕቃው የሚሰጠውን አስተያየት ስለ ሻጩ ከሚሰጠው ለይቶ ያስቀምጣል። አማዞን ራሱ ከመጋዘኑ አውጥቶ ያደረሰው ዕቃ ዘግይቶ ወይም ተጎድቶ ደርሶ ገዢው ሻጩን ቢወቅስ፣ ሻጩ ሲያመለክት ወቀሳው ላይ መስመር ይሰመርበትና ማድረሱ የአማዞን ኃላፊነት መሆኑ ከሥሩ ይጻፋል። ቴሌግራም ላይ ግን እንዲህ የሚያጣራ ሽማግሌ የለም። ማጣራቱ የገዢው ሥራ ነው።

እንዴት እንደሚጣራ በአንድ ምሳሌ እንየው። አንዲት የገርጂ ነዋሪ አሥራ ሁለት የቡና ስኒ ከነረከቦቱ በ3,200 ብር አዘዘች እንበል። ቅዳሜ እንግዳ አለባት። ሻጩ "ዓርብ ከ10 ሰዓት በፊት እናደርሳለን" ብሏት ነበር። ዕቃው የመጣው ቅዳሜ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ነው፤ ሦስት ስኒዎች ተሰብረዋል። ለሻጩ ስትነግረው "ሞተረኛው ነው የሰበረው፣ ከእሱ ጋር ተነጋገሪ" አላት።

በዚህ ሰዓት እጇ ላይ ያለው ስልክ የሚጽፈው ይታወቃል፦ "ሌቦች ናቸው!!! ገንዘባችሁን በልተው ስብርባሪ ይልካሉ። ማንም እንዳይገዛ።" ንዴቷ ተገቢ ነው። ጽሑፉ ግን ለሚያነበው ሰው ምንም አይነግረውም። መቼ ታዘዘ? መቼ ደረሰ? ምን ያህሉ ተሰበረ? አይታወቅም። "ሌባ" የሚለው ቃል ደግሞ ቅሬታ መሆኑ ቀርቶ የወንጀል ክስ ነው፤ ዘጠኝ ደህና ስኒ የላከ ሰው ገንዘብ በልቶ ጠፋ ማለትም አይቻልም። ሻጩ ተሟግቶ የሚረታበትን ቀዳዳ የከፈተችለት ራሷ ናት፤ ነገሩ ከስኒው ወጥቶ ስለ ስድቡ ይሆናል።

መጀመሪያ ማየት ያለባት ካርቶኑን ነው። የካርቶኑ ጥግ ከተጨፈለቀ፣ ውኃ ከነካው ወይም ጎኑ ከተቀደደ ጉዳቱ የደረሰው በመንገድ ላይ ሳይሆን አይቀርም። ካርቶኑ ከውጭ ደህና ሆኖ ውስጡ ስኒ ከስኒ ጋር ተነካክቶ፣ መሐሉ ወረቀትም ስፖንጅም ሳይገባበት ከተገኘ ግን ሞተረኛው እንደ እንቁላል ይዞት ቢመጣም ከአዲስ አበባ ኮረኮንች አያመልጥም ነበር። ያ የአሻሻግ ጥፋት ነው፤ የሻጩ ነው። ስለዚህ ፎቶ የሚነሳው ሳይከፈት ከውጭ በየጎኑ፣ ከዚያ ተከፍቶ ምንም ሳይነካ፣ መጨረሻ ላይ የተሰበረው ብቻውን ነው። አብዛኛው ሰው ስብርባሪውን ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ያነሳል። ያ ፎቶ መሰበሩን ያሳያል እንጂ ማን እንደሰበረው አያሳይም።

መዘግየቱም እንደዚሁ ይመረመራል። ዋናው ጥያቄ ዕቃው ከሻጩ እጅ መቼ ወጣ የሚለው ነው። ሞተረኛው ዕቃውን ሲረከብ የደወለበት ወይም መልእክት የላከበት ሰዓት ስልክ ላይ ይቀራል። ዓርብ 8 ሰዓት ተረክቦ ቅዳሜ ካመጣው የዘገየው እሱ ነው፤ ቅዳሜ 4 ሰዓት ላይ ተረክቦ 5 ሰዓት ላይ ካደረሰ ግን ሞተረኛው ምስጋና እንጂ ወቀሳ አይገባውም። እዚህ ላይ ገዢዋም ራሷን ትጠይቅ። አብዛኛው ቤት በቁጥር ሳይሆን በ"ከፋርማሲው ጀርባ፣ ሰማያዊው በር" በሚገኝበት ከተማ ዓርብ ማታ ያልተነሳ ስልክ ካለ፣ ያን ሳይናገሩ "አልመጡም" ማለት ግማሹን መደበቅ ነው።

ቀጥሎ ለሻጩ ዕድል ይሰጠዋል። ፎቶው ተልኮ፣ የሚፈለገው ነገር በግልጽ ተነግሮ አንድ ወይም ሁለት ቀን መጠበቅ በቂ ነው። ከዚያ በላይ መጠበቅም ጉዳት አለው። የኢትዮጵያ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የደረሰው ሸማች በገዛ በ15 ቀን ውስጥ ማስረጃውን ይዞ ዕቃው እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። አስተያየት መጻፍና መብትን መጠየቅ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ጽፎ የተነፈሰ ሰው ሁለተኛውን ይረሳና ቀኑ ያልፍበታል። የቴሌብር ወይም የባንክ ደረሰኝ መልእክቱም እስከዚያ ከስልክ ባይጠፋ ይሻላል።

ሁለት ቀን ጠብቃ መልስ ያጣችው የስኒዎቹ ባለቤት አሁን ብትጽፍ ጽሑፏ እንዲህ ይሆናል፦

"12 ስኒና ረከቦት በ3,200 ብር አዝዤ ነበር። ዓርብ ከ10 ሰዓት በፊት ይደርሳል ተብዬ ቅዳሜ ጠዋት 5 ሰዓት ደረሰ። ሦስት ስኒ ተሰብሮ ነበር፤ ካርቶኑ ከውጭ ደህና ነው፣ ውስጡ ግን ስኒዎቹ ያለ ወረቀት ተነባብረው ነው የተላኩት (ፎቶ አያይዣለሁ)። ለሻጩ ባሳውቅም ከሞተረኛው ጋር ተነጋገሪ ተባልኩ። ዕቃው ራሱ ቆንጆ ነው፣ ልክ ፎቶው ላይ እንዳለው። ሞተረኛው ጨዋ ነበር፣ ዕቃውን የተረከበው ቅዳሜ 4 ሰዓት ላይ መሆኑን መልእክቱ ያሳያል። ተሰባሪ ዕቃ ለምታዙ አሻሻጉን አስቀድማችሁ ጠይቁ።"

ይህ ጽሑፍ ስድብ የለበትም፤ ሻጩን ግን ከመጀመሪያው ይልቅ አጥብቆ ይይዘዋል። ሊክድ የሚችለው ቃል የለበትም። ስለ ዕቃውና ስለ ሞተረኛው የገባችው በጎ ቃል ደግሞ ለጨዋነት ብቻ የተጻፈ አይደለም፤ የጥፋቱን ድንበር ያሰምራል። ያ ሻጭ የሚሸጠውን ጀበና የሚፈልግ ሰው ሄዶ በእጁ ይዞት ቢመጣ ችግር እንደማይገጥመው ከዚህ ይረዳል። ኮከቡስ? ሁለት ይበቃል። አንድ ኮከብ ገንዘብ ተቀብሎ ስልኩን ለሚያጠፋ ሰው ቢቆይ ይሻላል፤ ለሁሉም ከተሰጠ ያንን የሚለይበት ምልክት አይቀርም። የሞተረኛው ስልክ ቁጥርና ፎቶ ግን በምንም ምክንያት አይለጠፍም።

ሻጩ ማክሰኞ ዕለት ሦስት ስኒ ቢልክስ? ጽሑፉን ማጥፋት አያስፈልግም። ከሥሩ "ማክሰኞ ሦስቱ ስኒዎች ተተክተውልኛል፣ ማድረሻውንም ሻጩ ከፍሏል" ብሎ መጨመርና ሁለቱን ኮከብ ሦስት ማድረግ ነው። አምስት አይሆንም፤ የቅዳሜው እንግዳ ሄዷል። ገዢው ሊጠነቀቅበት የሚገባ አንድ ነገር ግን አለ፦ "ገንዘቤን ካልመለስክ አንድ ኮከብ እሰጥሃለሁ" ብሎ አስቀድሞ ማስፈራራት። ኢቤይ ይህን በግልጽ ይከለክላል፤ አስተያየትን እንደ ማስገደጃ የተጠቀመ ገዢ ይቀጣል። በሌላው ወገን ደግሞ አማዞን ሻጮች "ኮከቡን ከፍ አድርግ፣ ገንዘብህን እመልሳለሁ" እንዳይሉ ይከለክላል። ሁለቱም አስተያየትን ዕቃ አድርገው ይሸጡታል።

አሁን ወደ ባንኮኒው ማዶ እንሻገር።

ሻጭ ላይ ከሚደርሱ ኢፍትሐዊ ወቀሳዎች ብዙዎቹ ከክፋት የተነሱ አይደሉም፤ ገዢው የማያውቀው ነገር ስላለ ነው። ለሐበሻ ሻጭ ደግሞ አንድ የተለየ ወጥመድ አለ፦ ሰዓት። ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖር ልጅ አዲስ አበባ ላለችው እናቷ ልደት ኬክ አዘዘች እንበል። "ቅዳሜ 3:00" ብላ ጻፈች። በልቧ ያለው የፈረንጅ 3 ሰዓት፣ ማለትም የእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ኬክ ቤቱ ስለተጠራጠረ "ጠዋት 3 ሰዓት ማለትዎ ነው?" ብሎ ጠየቀ። ልጅቱ ሥራ ላይ ሆና በችኮላ "አዎ" አለች። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሞተረኛው ደረሰ። እናት ቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ ሁለቴ ቢደወል ስልካቸው አይነሳም። ለልጅቱ መልእክት ቢላክም ዋሽንግተን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፣ ተኝታለች። ሞተረኛው ኬኩን ለጥበቃው ሰጥቶ ሄደ። እስከ ከሰዓት ፀሐይ ላይ የቆየው ክሬም ወረደ።

ልጅቱ ስትነቃ ከእናቷ የተላከላትን ፎቶ አየችና አንድ ኮከብ ሰጠች፦ "የእናቴን ልደት አበላሹብኝ። ስድስት ሰዓት ቀድመው መጥተው ሳይደውሉ ለዘበኛ ጥለው ሄዱ።"

ኬክ ጋጋሪዋ ይህን ስታነብ ደሟ ይፈላል። ደውላለች፣ ጠይቃለች፣ "አዎ" ተብላለች፤ ማስረጃው ሁሉ ስልኳ ላይ አለ። ፈተናው እዚህ ነው። "ውሸታም! ራስሽ አዎ ያልሽውን ረሳሽው?" ብላ የውይይቱን ቅጂ፣ የእናትየዋ አድራሻና ስልክ እንደታየ ብትለጥፈው በክርክሩ ትረታለች። ደንበኞቿን ግን ታጣለች። ከዚያ ወዲያ የሚያዝ ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ነው፦ ከዚህች ሴት ጋር ብጣላ የእኔም አድራሻ እንዲህ ይወጣል።

የመልሱ አንባቢ ያቺ ዋሽንግተን ያለች ልጅ ብቻ አይደለችም። እንዲያውም ዋነኛዋ እሷ አይደለችም። ነገ ኬክ ለማዘዝ ገጹን ከፍቶ፣ አምስቱን ኮከብ ዘልሎ፣ መጀመሪያ አንዷን ኮከብ የሚያነብ ሰው አለ። መልሱ የሚጻፈው ለእሱ ነው። ያ ሰው ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ ምን ሆኖ ነው? በእኔ ላይ ቢሆን እንዴት ያስተናግዱኛል?

በማግስቱ፣ ንዴቷ ከበረደ በኋላ፣ ጋጋሪዋ እንዲህ ብትጽፍ ሁለቱንም ትመልሳለች፦

"ጤና ይስጥልኝ። የእናትዎ ልደት በዚህ መልክ ማለፉ በጣም አሳዝኖናል። ትዕዛዙ 3:00 የሚል ስለነበር ጠዋት መሆኑን ጠይቀን፣ አዎ የሚል መልስ አግኝተን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አድርሰናል፤ የተፈለገው ከቀኑ 9 ሰዓት እንደነበር አሁን ተረዳን። በቦታው ሁለት ጊዜ ደውለን መልስ አላገኘንም። ሆኖም የክሬም ኬክ ሳናስፈቅድ ለጥበቃ መስጠት አልነበረብንም፤ መልሰን ወስደን ፍሪጅ ውስጥ ማቆየት ነበረብን። ከዛሬ ጀምሮ ትዕዛዝ ስንቀበል ሰዓቱን በሐበሻም በፈረንጅም እንጽፋለን። በውስጥ መስመር መልእክት ልከንልዎታል።"

ልብ ብሎ ላየው መልሱ ልጅቱን አንድም ቦታ አልወቀሰም። "ጠይቀን፣ አዎ የሚል መልስ አግኝተን" የሚለው ግን እውነቱን ሳይጮህ አስቀምጦታል፤ አንባቢው ፍርዱን ራሱ ይሰጣል። ስምም፣ ሰፈርም፣ ስልክም የለበትም። "ሳይደውሉ" ለሚለው ስሞታ መልሱ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ናት። የራስን ጥፋት ማመኑ ደግሞ ብዙ ሻጮች የሚፈሩት ነው፤ "ካመንኩ ተሸነፍኩ" ይላሉ። ጥፋቱ የኬክ ቤቱ የሆነው ግን በልኩ ነው የታመነው፣ ከዚያ አላለፈም። "ለተፈጠረው ነገር ሁሉ ይቅርታ" የሚለው የተለመደ መልስ ጥፋት ያልሆነውንም ያሸክማል፤ በየወቀሳው ሥር ሲደጋገም ደግሞ ማንም አያምነውም። ካሳውም፣ ቅናሽ ይሁን ሌላ ኬክ፣ በአደባባይ አልተጠቀሰም። ከተጠቀሰ የሚቀጥለው ቅሬታ ዋጋ ይዞ ይመጣል።

መልስ መስጠት በኮከቡ ላይ ለውጥ ያመጣል ወይ ለሚለው የተጠና ነገር አለ። ዴቪዴ ፕሮሰርፒዮና ጆርጂዮስ ዜርቫስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት፣ በትሪፕ አድቫይዘር ለአስተያየት መልስ መስጠት የጀመሩ ሆቴሎች 12 በመቶ ያህል ብዙ አስተያየት ማግኘታቸውን፣ አማካይ ኮከባቸውም በ0.12 ከፍ ማለቱን አሳይተዋል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። የሚገርመው ግን አብሮ የታየው ነው፤ ሆቴሎቹ መልስ ሲጀምሩ አሉታዊ አስተያየቶች በቁጥር ቀነሱ፣ በርዝመት ግን ጨመሩ። ባለቤቱ እንደሚያነብና እንደሚመልስ ያወቀ ሰው እንዲያው ተሳድቦ አይሄድም፤ ከተቆጣም ዘርዝሮ ይጽፋል። ጥናቱ የሆቴል ነው፣ የኬክ ቤት አይደለም። ቢሆንም ነገሩ ሩቅ አይመስልም።

ጭራሽ ያልገዛ ሰው የጻፈውስ? ተፎካካሪ ሊሆን ይችላል፣ የተባረረ ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። ከመፍረድ በፊት መዝገቡን ደግሞ ማየት ነው። እኛ አገር ሚስት አዝዛ ባል በቴሌብር ይከፍላል፤ ዕቃውን እህት ትቀበላለች፣ አስተያየቱን የሚጽፈው ሌላ ሦስተኛ ስም ያለው አካውንት ነው። "በዚህ ስም ትዕዛዝ አላገኘንም፤ ቀኑን ወይም የተከፈለበትን ስም በውስጥ ቢልኩልን ወዲያው እንመለከታለን" የሚለው መልስ ለእውነተኛው ደንበኛ በር ይከፍታል። ሐሰተኛው ደግሞ የሚልከው ቀን የለውም፤ ያ ዝምታ ለአንባቢ በቂ ነው።

ገጹ ላይ ማጥፋት የሚቻለውና የማይቻለው እንደየቦታው ነው። በራሱ የቴሌግራም ቻናል ላይ ሻጩ አስተያየትን በአንድ ጣት ያጠፋል፤ ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ገዢዎች ምስጋና ብቻ የሞላበትን ቻናል የሚጠረጥሩት። ጉግል ማፕ ላይ ግን ሻጩ መመለስና ደንብ ተጥሷል ብሎ ማመልከት እንጂ ማጥፋት አይችልም። ማመልከቻው የሚሳካው ስድብ፣ የግል መረጃ ወይም የጥቅም ግጭት ሲኖር ነው። "የተባለው ልክ አይደለም" ብሎ ማመልከት ብዙ አያስኬድም፤ ጉግል በሻጭና በገዢ መካከል ምን እንደሆነ ሲካካዱ ዳኛ አልሆንም ይላል። ስለዚህ የኬክ ጋጋሪዋ አንድ ኮከብ እዚያው ትቆያለች፤ ልጅቱ ራሷ ካልቀየረችው በስተቀር ማንም አያነሳትም። ከሥሯ ያለው መልስም እንዲሁ ይቆያል።